ኮደሮች ከመቶ 93 ቢስማሙ ቁጥሩ ለጋዜጣ ይበቃል ወይ?

ጠያቂዋ፦ ለማስተርስ ጥናቴ በዜና ገጾች ሥር ከሚጻፉ የፌስቡክ አስተያየቶች ምን ያህሉ የጥላቻ ንግግር እንደሆነ እየመረመርኩ ነው። ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ኮደር ሆነው፣ ማለትም 200 አስተያየቶችን ለየብቻቸው አንብበው እያንዳንዱን «የጥላቻ ንግግር ነው» ወይም «አይደለም» ብለው መድበው፣ በ186ቱ ተስማምተዋል። አማካሪዬ ግን «ስምምነቱ አይበቃም፤ ውጤቱን ለጋዜጠኛ እንዳትሰጪ» ብለውኛል። እውነት አይበቃም?

የስታቲስቲክስ መምህር፦ ከመፍረዴ በፊት 186ቱን ከፋፍለሽ አሳዪኝ። ሁለቱም «የጥላቻ ንግግር ነው» ያሉት ስንት ነው? ሁለቱም «አይደለም» ያሉትስ?

ጠያቂዋ፦ ሁለቱም «ነው» ያሉት 6፣ ሁለቱም «አይደለም» ያሉት 180 ነው። አንደኛዋ ብቻ «ነው» ያለችው 8፣ ሁለተኛው ብቻ «ነው» ያለው 6 ነው።

የስታቲስቲክስ መምህር፦ እንግዲህ አንድ ሦስተኛ ሰው እናምጣ። ይህ ሰው አንዲት አስተያየት እንኳ ሳያነብ ሁሉንም «አይደለም» ብሎ ቢሞላ፣ ከሁለተኛው ኮደር ጋር በ188ቱ ይስማማል፤ በትጋት ካነበቡት ከሁለቱ ጓደኞችሽ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። ምክንያቱ የጥላቻ ንግግር በናሙናሽ ውስጥ ብርቅ መሆኑ ነው። ሁለቱ ኮደሮች አንደኛዋ 14፣ ሁለተኛው 12 ጊዜ ብቻ «ነው» የሚሉ ከሆነ፣ ያንኑ ያህል በዕጣ ቢያከፋፍሉት እንኳ ከመቶ 88 ያህል መስማማታቸው አይቀርም። ስለዚህ የእነርሱ ንባብ የጨመረው ከ88 እስከ 93 ያለውን ብቻ ነው። የክሪፐንዶርፍ አልፋ ይህንን የዕጣ ስምምነት ቀንሶ ይለካል፤ በአንቺ ቁጥሮች 0.43 አካባቢ ይመጣል። መለኪያውን ያወጣው ክሪፐንዶርፍ ራሱ 0.80ን እንደ መተማመኛ፣ 0.667ን ደግሞ ለጥንቃቄ ድምዳሜ የመጨረሻ ዝቅተኛ ወለል አድርጎ ይጠቅሳል። አማካሪሽ ትክክል ናቸው።

የቀድሞ የጋዜጣ አርታኢ፦ መምህር፣ እኔ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አያስፈራኝም። አንደኛዋ 14፣ ሁለተኛው 12 ካሉ፣ ከመቶ 7 እና ከመቶ 6 ማለት ነው። ጋዜጣ የሚፈልገው ድርሻውን እንጂ እያንዳንዷን አስተያየት አይደለም። እኛ በዝግጅት ክፍላችን የገጽ ሽፋን ስንለካ ማስመሪያ ይዘን ዓምዱን በሴንቲ ሜትር እንቆጥር ነበር፤ አንዱ 40፣ ሌላው 41 ቢያመጣ ማንም አይከራከርም።

የስታቲስቲክስ መምህር፦ ነገሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ስህተቶች አንዳንዴ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። በሴንቲ ሜትር ግን ሁለታችሁም ያንኑ ዓምድ ነበር የምትለኩት። እዚህ ቢያንስ አንዳቸው ምልክት ያደረጉባቸው 20 አስተያየቶች ናቸው፤ የጋራቸው 6 ብቻ ነው። ድምሩ ተቀራረበ፣ የተቆጠረው ነገር ግን ሌላ ሌላ ነው። ቀጥሎ «ጥላቻው ያነጣጠረው በማን ላይ ነው?» ብላ ሠንጠረዥ ስትሠራ፣ በየትኛው ኮደር ቅጽ እንደሠራችው መልሱ ይለያያል።

ጠበቃ፦ ይቅርታ ልግባ። ጥያቄው በጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት በአስተያየት ሰጪዎቹ ላይ ክስ ስለ መመሥረት ከሆነ፣ ኮደር ሳይሆን ዐቃቤ ሕግ ነው የሚወስነው።

ጠያቂዋ፦ ጥያቄዬ ስለ ክስ አይደለም። ነገር ግን ጠቀሜታ ያለው ነገር ነክተዋል፤ በኮድ መመሪያዬ ላይ ያሰፈርኩት ትርጉም ከዚሁ አዋጅ የወሰድኩት ነው። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግር ይላል።

የጥናት ረዳት፦ ችግርሽ እዚያ ያለ ይመስለኛል። እኔ ለሌላ ጥናት አንድ ሙሉ ክረምት ኮደር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል ሁለት ሳምንት አጨቃጨቀን። ፍርድ ቤት ሐሳቡን በምስክር ይመረምራል፤ ኮደር በእጁ ያለው ጽሑፉ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የጸሐፊውን ልብ ይገምታል። ሁለት ሰዎች ደግሞ አንድ ዓይነት አይገምቱም። እኛ ቃሉን አውጥተን ጥያቄውን ለሁለት ከፈልነው፤ በመጀመሪያ «አስተያየቱ የሚናገረው ስለ አንድ ቡድን በማንነቱ ነው?»፣ ለዚህ አዎ ከተባለ ብቻ «እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ ጥሪ ያደርጋል?»። ሌላው መወሰን ያለበት፣ አስተያየቱ ለብቻው ይነበባል ወይስ ከዜናው ጋር የሚለው ነው። «ጎበዞች!» የሚል አንድ ቃል ከዜናው ጋር ካልተነበበ ምስጋና ይሁን ሽሙጥ አይታወቅም፤ ሁለቱ ጓደኞችሽ ምናልባት አንዱ ዜናውን ከፍቶ፣ አንዷ ሳትከፍት አንብበው ይሆናል።

ጠያቂዋ፦ ጠየቅኋቸው። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ እሷ ከስልኳ ስለምትሠራ ዜናውን አልከፈተችም።

የቀድሞ የጋዜጣ አርታኢ፦ ታዲያ ቀላል ነው። ሁለቱን አስቀምጫቸው፣ በተለያዩባቸው 14 አስተያየቶች ላይ ተወያይተው ይስማሙ፤ ያኔ ስምምነቱ ከመቶ 100 ይሆናል።

የስታቲስቲክስ መምህር፦ ውይይቱ መልካም ነው፤ ግን መመሪያውን ለማሻሻል ነው እንጂ የስምምነት መለኪያ አይሆንም። ተወያይተው የተስማሙበትን መልሶ መለካት ፈተናውን ከመልሱ ጋር እንደ መስጠት ነው። መመሪያው ከታረመ በኋላ ማንም ያላየውን አዲስ 200 አስተያየት ለየብቻቸው ይሥሩ። ደግሞም 200ውን በዘፈቀደ ብቻ አትውሰዱ። የኦክስፎርድና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «መቻቻል» በሚል ስም በሠሩት ጥናት፣ ከናሙናው የጥላቻ ንግግር ተብሎ የተመደበው ከመቶ 0.4 ብቻ ነበር። በዚያ ትርጉም ከ200 አስተያየት አንድ እንኳ ላይገኝ ይችላል፤ ያላዩትን ነገር ደግሞ መስማማት አለመስማማታቸውን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ለስምምነቱ ፈተና አጠራጣሪ የሆኑትን አብዝታችሁ ጨምሩ፤ ድርሻውን የምታሰሉት ግን ከሌላው፣ በዘፈቀደ ከተወሰደው ናሙና ይሁን።

ከዋሽንግተን የምትሳተፍ፦ እኔ ከመምህሩ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ሁለቱም ኮደሮች ከአንድ ክፍል፣ ምናልባትም ከአንድ አካባቢ ከሆኑ፣ 0.90 ቢያመጡም የሚያሳየው አንድ ዓይነት ጆሮ እንዳላቸው ነው። «የቀን ጅብ» የሚለውን አስቡ። ለአንዱ ሌብነትን የሚነቅፍ ቃል ነው፤ ለሌላው ማንነቱን ያነጣጠረ ስድብ ሆኖ ይሰማል። እዚህ ላይ አለመስማማቱ የመመሪያው ጉድለት አይደለም፤ ራሱ ግኝት ነው። ኮደሮቹን እስኪስማሙ ስታሠለጥኑ፣ የምታጠፉት የአንደኛውን ወገን ንባብ ነው።

የስታቲስቲክስ መምህር፦ ኮደሮች ከተለያየ ወገን ይምረጡ በሚለው እስማማለሁ። ግን ልዩነቱን ግኝት ለማለት ከቸልተኝነት የመጣውን ከአረዳድ ከመጣው መለየት ያስፈልጋል፤ ያን የሚለየው ያው የጠራ መመሪያ ነው። ዜናውን ባለመክፈት የመጣ ልዩነት የማንንም ወገን ንባብ አይወክልም።

ከዋሽንግተን የምትሳተፍ፦ እርሱንስ እቀበላለሁ። መመሪያው ከጠራ በኋላም የሚቀረውን ልዩነት ግን በስብሰባ አጥፍታችሁ አንድ ቁጥር አታድርጉት።

ጠያቂዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦ «ሆን ብሎ» ወጥቷል፣ ዜናውን መክፈት ግዴታ ሆኗል፣ ከሌላ ክልል ሦስተኛ ኮደርም ጨምሬያለሁ። በአዲሱ 200 ላይ «ስለ ቡድን በማንነቱ ይናገራል?» የሚለው አልፋ 0.82 ሆነ፤ «ጥሪ ያደርጋል?» የሚለው 0.58 ላይ ቆሟል። የቀሩትን ልዩነቶች ስመለከት ገሚሶቹ ተረትና ቅጽል ስም ያለባቸው ናቸው። ለጋዜጠኛው የመጀመሪያውን ብቻ ሰጠሁት። ሁለተኛውን በሦስቱ ኮደሮች ሦስት ዓምድ አድርጌ ጥናቱ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ አማካሪዬ ግን አንድ ቁጥር ምረጪ እያሉኝ ነው።

የቀድሞ የጋዜጣ አርታኢ፦ ሦስት ዓምድ ያለው ዜና ማንም አያትምልሽም።

ከዋሽንግተን የምትሳተፍ፦ አይታተምማ!