የ10 ዓመት ብራንድ ኦዲት ላይ ተጣብቄያለሁ፤ መለኪያዬ የቱ ይሁን?

ሰላም ወገኖች። ሽሮና በርበሬ አሽጎ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ማርኬቲንግ ላይ ነኝ። ድርጅቱ ዘንድሮ 10 ዓመት ሞላው። አለቃዬ "ብራንዳችንን ከላይ እስከ ታች ፈትሺው" ካሉኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። አሁን ግን ቆሜያለሁ።

መጀመሪያ ከመርካቶ፣ ከሰፈር ሱቅና ከሱፐርማርኬት የራሳችንን ምርት እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገዛሁ። 14 ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳይ ቀዩ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱማ ቡናማ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለካ ማተሚያ ቤት በቀየርን ቁጥር ቀለሙን በዓይን ግምት ነው ስናስመስል የኖርነው። የተጻፈ የቀለም ቁጥር የለንም።

ዌብሳይቱ ላይ ያለው ሎጎ አሮጌው ነው። ቴሌግራማችን ቀልድ በቀልድ፣ ከረጢቱ ደግሞ "ክቡራን ደንበኞቻችን" ይላል። ማንነቴን ሳልናገር አምስት ጊዜ ወደ ቢሮ አስደወልኩ። ከረጢቱ ላይ 12 ወር የተባለውን የመቆያ ጊዜ ሁለቱ ሠራተኞች "ስድስት ወር" አሉ። ይሄ ከቀለሙ በላይ አስደንግጦኛል።

የተጣበቅኩት እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱን ሁሉ መዝግቤያለሁ፤ ግን ትክክለኛው የቱ ነው? አዲሱን ከረጢት መለኪያ ላደርግ ስል አንድ ባለሱቅ "ሰው የሚጠይቀኝ ባለ እናቲቱን ነው" አለኝ። የእናትየዋን ሥዕል እኮ በአዲሱ ዲዛይን አውራ ጣት አሳክለነዋል!

እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራችሁ፣ መጀመሪያ ደንበኞችን ጠይቃችሁ ነው መለኪያ ያወጣችሁት ወይስ ከባለቤቶቹ ጋር ተስማምታችሁ? ደንበኛ ከሆነስ ስንት ሰው ይበቃል? የስልኩን ውጤት ደግሞ ሠራተኞቹ "ሰለለችን" ሳይሉ እንዴት ላቅርበው?