የአያቴን ደብዳቤ እንዳለ ልገልብጠው ወይስ ፊደሉን ላስተካክል?

የመንዝ ልጅ፦ ሰላም ናችሁ? መሐል ሜዳ እናቴ ቤት ሳጥን ውስጥ አያቴ ከ1945 እስከ 1958 የጻፏቸው 11 ደብዳቤዎች ተገኙና ኮምፒውተር ላይ እየገለበጥኳቸው ነው። አንዱ ደብዳቤ ላይ ብቻ «ፀሐይ»ም «ጸሃይ»ም አለ፣ አንዴ «ኸዚህ» ይላል ወረድ ብሎ «ከዚህ»፣ «ኃይሌ» የሚባል ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ «ሀይሌ» ሆኗል። እንዳለ ልተወው ወይስ ላስተካክል? ልጆቹ እንዲያነቡት፣ እኔም ቃል ስፈልግ እንዳገኝ ነው።

ዲያቆኑ፦ በግዕዙ አስተካክለው ወንድሜ። ፀሐይ በፀሐዩ ፀ በሐመሩ ሐ ነው፣ አለቀ። በግዕዝ እኮ ሠረቀ ወጣ ነው፣ ሰረቀ ሌባ ነው። ስህተት ለልጅ አይወረስም።

አንኮበሬው፦ እኛ የርስት ደብዳቤ ነበረን፣ እኔ አሳምሬ አስተካክዬ ገልብጬ ሽማግሌ ፊት ብወስደው ስሙ ላይ አንድ ፊደል ተለይቶ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ተባልኩ። ዋናውን እንዳትጥል ብቻ!

እትዬ መዝገብ፦ ዲያቆን ስለ ግዕዙ ልክ ነህ፣ ግን እሳቸው የጻፉት አማርኛ ነው፣ በአማርኛ ሠ እና ሰ ድምጻቸው አንድ ነው። የመንዝ ልጅ፣ ሁለት ዓምድ አድርገው። ግራው ላይ ፊደል በፊደል፣ ሁለት ነጥቡም ፡ ፲፱፻፵፭ም እንዳለ፣ የማይነበበውን ደግሞ [?] በለው እንጂ አትገምት። ቀኙ ላይ ሐ ሓ ኀ ኃ ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐ ዓ ኣን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ አምጣቸው፣ ካዕብና ሳልሱም ሌላውም እንደዚያው፣ ይሄ በፈልገህ ተካ ያልቃል። ስትፈልግም ቀኙ ላይ ነው የምትፈልገው፣ የምትጽፈውንም ቃል በዚያው ፊደል ጻፈው፣ «ጸሀይ» ብትል ሁለቱም ይመጡልሃል። ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ቀላል ነው፣ ካስተካከልክ በኋላ ግን ዋናውን ከቀኙ ማውጣት አይቻልም።

«ኸዚህ»ን ግን ቀኙም ላይ አትንካ፣ የሸዋ ሰው አፍ ነው፣ ከ ካደረግከው አያትህ እንዴት እንደሚናገሩ ጠፋ። ኸ ድምጽ ነው፣ ሐ ግን የእጅ ልማድ ነው። ኃይሌና ሀይሌም ቀኙ ላይ በፊደል አንድ ቢሆኑ አንድ ሰው ናቸው ብለህ አታዋህዳቸው፣ አጠገባቸው ማስታወሻ ጻፍ። ስልክ ላይ ስትተይብ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ቶሎ የሚመጣልህ ሀ ስለሆነ ሳታውቀው ታስተካክላለህ፣ ሌላ ሰው ከወረቀቱ ጋር ያስተያይልህ።

ዲያቆኑ፦ እሺ፣ ግን ለልጆቹ የሚነበበው በትክክለኛው ሆሄ ይሁን፣ በሀ የተሞላ ጽሑፍ ለዓይን አይጥምም።

እትዬ መዝገብ፦ እሱ ሦስተኛ ዓምድ ነው፣ ከወደድክ ጨምር፣ እኔ አልከራከርም።

የመንዝ ልጅ፦ በሁለት ዓምድ ጀመርኩ። የ1945ቱ ደብዳቤ ብቻ ሐመሩንም ንጉሡንም ሳይስት ያገኛል፣ ኸ ደግሞ አንድም የለበትም፣ ሌሎቹ ላይ ሞልቷል። ያኔ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሰው ነበር ወይ ብዬ እናቴን ብጠይቃት «ቄሱ ይሆናሉ» አለች። ኃይሌና ሀይሌ ግን አንድ ሰው ይሁኑ ሁለት እሷም አታውቅም።