ብሩ ከባንኬ ወጥቷል ቲኬቱ የለም፣ ድጋሚ ልክፈል?

የለንደኗ ልጅ
እባካችሁ የሚያውቅ ቶሎ ይመልስልኝ። የእማዬን ቲኬት ልቆርጥላት ገብቼ በካርድ መክፈሉን ትቼ Pay by bank የሚለውን ነካሁ፣ ባንኬን መረጥኩ፣ የባንኬ አፕ በራሱ ተከፈተ፣ ፊቴን አይቶ 612 ፓውንድ አለኝ አጸደቅኩት። ከዛ ሲመልሰኝ ሎግኢን አድርጊ ይለኛል፣ የመረጥኩት በረራ ጠፍቷል ባዶ ነው። ባንኬ ላይ ግን ብሩ ሄዷል!! ዋጋው የሚያዝልሽ እስከ ሌሊት 6 ሰዓት ነው ብለውኛል። ድጋሚ ልክፈል ወይስ ምን ላድርግ?

አንጋፋው
ልጄ ይሄ ነገር ገና ከመጀመሪያው ልክ አይደለም። የካርድ ቁጥር ሳይጠይቅሽ ብር የወሰደ ዌብሳይት የባንክሽን ሚስጥር ወስዷል ማለት ነው። እኛ ድሮ ቲኬት የምንቆርጠው ቢሮ ሄደን ሰውየውን አይተን ደረሰኝ ተቀብለን ነው፣ አሁን ሁሉም በስልክ ሆኖ ሰው እየተበላ ነው። ዛሬውኑ አካውንትሽን አዘጊ።

ሳሚ ሌስተር
ድጋሚ ሞክሪው፣ እኔንም አንዴ እንደዚህ አድርጎኝ በሁለተኛው ሰርቷል

የብርሃን አባት
እህቴ ድጋሚ እንዳትከፍዪ! ሳሚ የመጀመሪያው ክፍያህ ባንክ ላይ አልፎ አልነበረም ይሆናል፣ የሷ ግን ሄዷል። ሁለተኛ ካጸደቀች ለባንኩ ራሱን የቻለ ሌላ ትራንስፈር ነው፣ "ይሄን ከፍለሻል" ብሎ አያስቆማትም፣ 1224 ፓውንድ ይወጣና የአንዱን ተመላሽ ስትለምን ትከርማለች።

አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ሊንኩን የከፈትሽው ከየት ነው? ከፌስቡክ ውስጥ ነው?

የለንደኗ ልጅ
አዎ የኤጀንቱ ፌስቡክ ፔጅ ላይ ያለውን ሊንክ ነክቼ ነው። ምን አገናኘው?

ሄለን መርካቶ
በቴሌብር ብትከፍዪ እኮ ወዲያው ሜሴጅ ይመጣልሽ ነበር፣ እኔ ባለፈው ለእህቴ ስልክ ስገዛ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም

ሳሚ ሌስተር
ሄሉ ልጅቷ ያለችው እንግሊዝ ነው 😄

የብርሃን አባት
የሚያገናኘው እንዲህ ነው። እኔ የምሰራው ይሄን አይነት ክፍያ ከሱቆች ዌብሳይት ጋር የሚያገናኝ ቲም ውስጥ ስለሆነ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። ሊንክ ከፌስቡክ ውስጥ ስትነኪ የሚከፈተው የፌስቡክ የራሱ ትንሽ ብራውዘር ነው፣ ሎግኢን ያደረግሽውም በረራውን የመረጥሽውም እዛ ውስጥ ነው። የባንክሽ አፕ ከጸደቀ በኋላ ሲመልስሽ ግን የሚመልስሽ ወደ ስልክሽ ዋና ብራውዘር ነው፣ ሳፋሪም ይሁን ክሮም። እሱ ደግሞ አንቺን አይቶሽ አያውቅም፣ ለዛ ነው ባዶ ሆኖ ሎግኢን አድርጊ ያለሽ። የጠፋብሽ ገጹ እንጂ ክፍያው አይደለም።

ክፍያው በዛ ገጽ ላይ አይንጠለጠልም። በኤጀንቱና በባንክሽ መሀል አንድ የክፍያ ድርጅት አለ፣ ባንክ ስትመርጪ ስሙ በትንሽ ፊደል ተጽፎ አልፈሽው ይሆናል። እሱ ለባንክሽ "612 ፓውንድ፣ ለዚህ አካውንት፣ በዚህ ሪፈረንስ" ብሎ ትእዛዙን ያስቀምጣል፣ አንቺን ወደ አፑ የሚልክሽ ያስቀመጠውን አይተሽ እንድታጸድቂ ብቻ ነው። ስታጸድቂ ባንኩ ለሱ ያሳውቃል፣ እሱ ደግሞ ለኤጀንቱ ሲስተም በቀጥታ ይልካል፣ አንቺ ስልክሽን ብታጠፊውም።

ስለዚህ አሁን ባንክሽን ክፈቺና ያቺን ክፍያ ንኪያት። Pending ነው ወይስ ሄዷል? የተቀባዩን ስም፣ ሰዓቱንና ሪፈረንሱን ጻፊ። ከዛ ወደ ፌስቡክ ተመለሺ፣ የድሮው ገጽ ካልተዘጋ እዛው ከፍተሽ ጠብቂው፣ ብዙ ጊዜ ራሱን ያድሳል። ኢሜይልሽንም እይ፣ ጀንክ ፎልደሩን ጭምር።

አንጋፋው
ታዲያ የካርድ ቁጥር ሳይኖር ማንነቷን በምን አወቀ? መልስልኝ እስቲ።

የብርሃን አባት
ጋሼ ያወቃት የራሷ ባንክ ነው እንጂ ዌብሳይቱ አይደለም። ፊቷን ያየው የባንኩ አፕ ነው፣ ፓስወርድም ቢጠይቅ የሚጠይቀው እሱ ነው፣ ሱቁ ምንም አያይም። ፈቃዱም ለዛች አንድ ክፍያ ነው፣ ነገ ተመልሶ ሌላ መውሰድ አይችልም። የእርስዎ ስጋት ልክ የሚሆነው ዌብሳይቱ ራሱ የባንክ ፓስወርድሽን እዚህ ጻፊ ወይም በሜሴጅ የመጣውን ኮድ ንገሪን ካላት ነው፣ ያኔ አዎ ወዲያው ለባንኩ መደወል አለባት።

ቤቲ ኤን ኤች ኤስ
ምንም አትጨነቂ ቲኬቱ ካልመጣ ለባንክሽ ደውለሽ ቻርጅባክ በይ ይመልሱልሻል፣ እኔ ጫማ ሳይመጣልኝ ሲቀር 3 ሳምንት ውስጥ መልሰውልኛል

የብርሃን አባት
ቤቲ አንቺ በካርድ ከፍለሽ ነው። ቻርጅባክ የካርድ ነገር ነው፣ በክሬዲት ካርድ ከሆነ ደግሞ ከ100 ፓውንድ በላይ ለሆነ ዕቃ ሕጉ ራሱ ባንኩን ተጠያቂ ያደርገዋል። ይሄ ግን የባንክ ትራንስፈር ነው፣ አንዴ ከሄደ ባንኩ ጎትቶ አይመልሰውም፣ የሚመልሰው ተቀባዩ ነው። ማጭበርበር ከሆነ የተለየ መንገድ አለው፣ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ባንኮች ተታለው ለላኩ ሰዎች የመመለስ ግዴታ አለባቸው፣ ግን "ኤጀንቱ ዘገየብኝ" ማለት ማጭበርበር አይባልም። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ከወራት በኋላ ለሚበረር ቲኬት ክሬዲት ካርድ ነው የምጠቀመው።

የለንደኗ ልጅ
አየሁት። Pending አይልም፣ ሄዷል። ግን የተቀባዩ ስም የኤጀንቱ አይደለም!!! ሰምቼው የማላውቀው ድርጅት ነው። ተበላሁ እንዴ???

አንጋፋው
ብያለሁ።

አምስተርዳም
እኛ ጋ ሆላንድ በአይዲል፣ እንደዚሁ ከባንክ በቀጥታ በሚከፈልበት፣ ስንከፍልም እኮ ስሙ ብዙ ጊዜ የሱቁ አይደለም፣ ብሩን መጀመሪያ የሚሰበስበው የክፍያ ድርጅቱ ነው። አይዲል ከ2005 ጀምሮ አለ፣ ሰው ሁሉ ለምዶታል።

የብርሃን አባት
አምስተርዳም ያለው ልክ ነው፣ ስሙ ስለተለየ ብቻ ተበልቻለሁ አትበዪ። ግን ዝም ብለሽም አትመኚ። ያንን ስም የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መዝገብ FCA Register ላይ ፈልጊው፣ እዚህ አገር እንዲህ አይነት ክፍያ የሚያስጀምር ድርጅት እዛ መዝገብ ላይ መኖር አለበት። ለኤጀንቱ ደግሞ ፌስቡክ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን በሌላ መንገድ ባገኘሽው ቁጥር ደውለሽ ሪፈረንሱን፣ ሰዓቱንና 612ን ንገሪያቸው። "ከፍያለሁ" ማለት ብቻ አይጠቅማቸውም፣ በሪፈረንሱ ነው የሚፈልጉት። ዋጋውን የያዙልሽም እነሱ ስለሆኑ ከ6 ሰዓት በፊት እንዲያራዝሙት ጠይቂ።

ሳሚ ሌስተር
ግን ባንኩ ሄዷል እያለ ኤጀንቱ ጋ ላይደርስ ይችላል እንዴ?

የብርሃን አባት
ይችላል። እዚህ በብዛት በሴኮንዶች ነው የሚገባው፣ አንዳንዴ ግን እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል። የክፍያ ድርጅቱ የላከውን መልእክት የኤጀንቱ ሲስተም ሳይቀበለው የቀረበት ጊዜም አለ፣ ያኔ ሰው በእጁ ካላገናኘው ቀን ሊያድር ይችላል።

የለንደኗ ልጅ
ስሙ መዝገቡ ላይ አለ! ስልክ አያነሱም ግን አሁን ኢሜይል መጣ፣ ክፍያ ደርሶናል ይላል፣ 6 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድም አለው። አለቀ ማለት ነው አይደል?

ሄለን መርካቶ
እልልል እንኳን ደስ አለሽ! እማማ መቼ ነው የሚመጡት?

አምስተርዳም
ቆይ አላለቀም። ባለ ስድስቱ ኮድ የሚያሳየው ቦታ መያዙን ብቻ ነው፣ ሊሰረዝም ይችላል። ቲኬት ተቆረጠ የሚባለው 13 ዲጂት ቁጥር ሲመጣልሽ ነው፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ኢሜይሉን እስከ ታች ድረስ እይው፣ አለው?

የብርሃን አባት
እሱን ንገሪን። ከሌለ አሁን ለዛው ኢሜይል መልሰሽ ቲኬት ቁጥሩን ጠይቂ፣ ነገን አትጠብቂ።

ሳሚ ሌስተር
እህት አለሽ? 6 ሰዓት ሊሞላ ነው