«ቢ ፔሸንት» በአማርኛ ሞተብኝ፣ ድረሱልኝ!

መጋረጃ፦ ልምምድ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ከእንግሊዝኛ የመለስኩት አጭር ኮሜዲ ነው። ነርሷ «ቢ ፔሸንት» ትላለች፣ ሰውየው «ነኝ እኮ!» ይላል። ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። «ይታገሱ» ብዬ ጻፍኩት፤ አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ምን ላድርግ?

ናቲ፦ እንዳለ ተወው። ፔሸንት ታጋሽም ታካሚም መሆኑን የማያውቅ አለ እንዴ?

መጋረጃ፦ አለ። የእኔ ተመልካች።

የኔታ፦ ልጄ፣ ቅኔ አይተረጎምም። ሰሙና ወርቁ የሚገናኙት በራሱ ቃል ላይ ነው። ቃሉን ስትለውጠው ሁለቱ ይለያያሉ፤ እጅህ ላይ የሚቀረው ማብራሪያ ብቻ ነው።

ቤቲ፦ «ገና ነው» አድርገው! «ተራዬ ደረሰ?» ሲላት «ገና ነው» ትበለው። እሱ ደግሞ «እንኳን አብሮ አደረሰን!»

ሰሎሜ፦ ቤቲዬ፣ እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው። የበዓሉ ገና «ና» ላይ ይጠብቃል፣ ያንቺው ይላላል። ተዋናይ አፍ ውስጥ ሲገባ ሁለት ቃል ነው።

ናቲ፦ «ይጠብቃል» ያልሽው ታካሚውን ነው?

ሰሎሜ፦ ይኸው! ይሄም ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያስቀው።

መጋረጃ፣ የኔታ ግማሽ እውነት አላቸው። ቃሉን አትተርጉም። ቀልዱ ትዕግሥት ላይ አይደለም፤ አንዱ ያዛል፣ ሌላው በሌላ ትርጉም ይታዘዛል። ያንን የሚሸከም የአማርኛ ግስ ፈልግ። «ሳለ» አለልህ። ጉንፋን የያዘውም ይስላል፣ ሠዓሊውም ይስላል፤ ድምፁ አንድ ነው። ነርሷን ሐኪም አድርጋት።

«እስቲ ይሳሉ።»
«ምን ልሳል?»
«ዝም ብለው ይሳሉ!» እስክሪብቶ ያወጣል።
«ሌሊት ይስላሉ?»
«ቀን ነው። ብርሃን እፈልጋለሁ።»
«ሲስሉ ደም ይታያል?»
«ቀይ ቀለም አልወድም።»

አንድ አደራ፦ ማንም ሰው «ሳል» ወይም «ሥዕል» እንዳይል። ስሙ ከተጠራ ትርጉሙ አንድ ሆነ፣ አለቀ። በግስ ብቻ ሂድ። ሐኪሟም ከልቧ ትጠይቅ፤ ቀልድ መሆኑን ካወቀች ተበላሸ።

ዳዊት፦ «ገና ነው» ይሻላል፣ ሞክረው።

ቤቲ፦ ዳዊት፣ ከላይ አንብብ!

ዳዊት፦ እኔ ቪዲዮ ስር ለሚጻፍ ትርጉም መስሎኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ገጥሞኝ ቅንፍ ውስጥ ማብራሪያ ጻፍኩ። አንብበው ሳይጨርሱ ትዕይንቱ አለፈ።

መጋረጃ፦ ሰሎሜ ተባረኪ! ግን ተመልካቹ ሥዕል በምን ይመጣለታል? መጀመሪያ ላይ «ሠዓሊ ነኝ» ይበል?

ሰሎሜ፦ አይበል። እስክሪብቶው ከደረት ኪሱ ይታይ፣ ይበቃል።

የኔታ፦ እኔ ግን ይበል ባይ ነኝ። ሰም ሳይቀመጥ ወርቅ ከየት ይወጣል? ከኋላ የተቀመጠ ሰው እስክሪብቶ አያይም።

ሰሎሜ፦ እንግዲያው ጣቶቹ ቀለም የነካቸው ይሁኑ። ቃል ግን አይውጣው።

ናቲ፦ መጋረጃ፣ እንዴት ሆነ?

ናቲ፦ መጋረጃ?

ቤቲ፦ ገና ነው።