የእናቴን መድኃኒት ዝርዝር እንዴት ልጻፈው?

ሰላም ወገኖች። እናቴ ከደሴ እኔ ጋ ሜሪላንድ መጥታለች። ሐሙስ በቪዲዮ የሚያያት ሐኪም የሕመሟን ታሪክና የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አስቀድሜ እንድልክ ጠይቆኛል።

ታሪኩን እንዲህ ጀምሬዋለሁ፦ «ነሐሴ ላይ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራም ታዘዘላት። ከመስከረም ጀምሮ ደረቅ ሳል አላት፤ ሌሊት ይብሳል። ትኩሳትም አክታም የለም።» ይህ መድኃኒት ደረቅ ሳል ሊያመጣ እንደሚችል ስለማውቅ ቀን ቀኑን ማስቀመጥ ፈልጌያለሁ። ወራቱን ወደ ፈረንጅ፣ «ጠዋት 2 ሰዓት»ንም ወደ 8 ሰዓት ቀይሬያለሁ።

የቸገረኝ ዝርዝሩ ነው። አንዱ ኪኒን በወረቀት ፖስታ ነው የተሰጣት። «1×2» ከሚል በቀር ስም የለውም። ነጭ፣ ክብ፣ መሃሉ ላይ መስመር ያለው ነው። እሷ «የስኳር ነው» ትላለች። እንዳለችው ልጻፍ ወይስ «ስሙ ያልታወቀ» ብዬ ፎቶውን ልላክ? ደሴ ያለው ወንድሜ ፋርማሲውን ቢጠይቅ መዝገብ ላይ ያገኙታል?

ሌላው ደግሞ፣ ኢናላፕሪሉ በቀን አንድ ጊዜ ነው የታዘዘው፤ እሷ ግን ራሷን ሲያማት ብቻ ነው የምትውጠው። የታዘዘውንና የምትወስደውን ለየብቻ ልጻፍ? ጠዋት ጠዋት የምትበላው ጥቁር አዝሙድስ ይገባል? እንዲህ ያለ ዝርዝር ያዘጋጃችሁ ወይም የጤና ባለሙያ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ከሐሙስ በፊት መልሱልኝ።