ደረቅ ቼክ ሲመለስ ቅጣቱን ተቀባዩም ይክፈል?

የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ ደሴ፦ ለአንድ የኮምቦልቻ ሥራ ተቋራጭ ብረት ሸጬ የ180,000 ብር ቼክ ተቀበልኩ። ደሴ ባለው በራሴ ባንክ ባስገባው «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ገንዘቡን ሳላገኝ ከሂሳቤ ላይ የመመለሻ ክፍያ ተቆረጠ። ጥፋቱ የሰጪው ሆኖ ሳለ እኔ ለምን እከፍላለሁ? ቀጥሎስ ምን ላድርግ?

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ደሴ፦ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ቼኩን ይዘህ ወደ ፖሊስ ሂድ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 መሠረት ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል፤ ይህን የሰማ ሰው ገንዘቡን ከየትም ፈልጎ ያመጣል። የባንኩ ነገር ግን ግልጽ በደል ነው። ሰውየው አታለለህ፣ ባንኩ ደግሞ ስለ መታለልህ አስከፈለህ።

የቀድሞ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ኮምቦልቻ፦ እዚህ ላይ ያሉት ክፍያዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱን ብናቀላቅላቸው ክርክሩ መንገድ ይስታል። የመጀመሪያው የሰጪው ባንክ ከሰጪው ሂሳብ ላይ የሚቆርጠው ቅጣት ነው፤ ስንቅ ሳይኖረው ለጻፈው ቼክ የሚከፍለው እርሱ ነው። ሁለተኛው እርስዎ ቼኩን ያስገቡበት ባንክ የሚጠይቀው ሲሆን፣ ቼኩን ተረክቦ፣ በክሊሪንግ ወደ ሌላው ባንክ አሳልፎ፣ ሲመለስም መዝግቦ ለመለሰበት ሥራ የሚወስደው ክፍያ ነው። መጠኑ በየባንኩ የዋጋ ዝርዝር ይለያያል፤ ዝርዝሩን የማየት መብት አለዎት፣ ያልተጻፈ ክፍያ ከተቆረጠብዎት ደግሞ እንዲመለስልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ይህን ሁለተኛ ክፍያ ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ማስቀረት ይቻላል። ቼኩ የተሳበው በየትኛው ባንክ እንደሆነ አይተው ደሴ ወዳለው የዚያው ባንክ ቅርንጫፍ በቀጥታ ቢያቀርቡት፣ ቼኩ በክሊሪንግ መዞር ሳያስፈልገው ስንቅ መኖር አለመኖሩን እዚያው መስኮት ላይ ያውቁ ነበር።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፦ ሁሉም ሰው ገንዘብ ተሸክሞ ከባንክ ባንክ አይዞርም። ሰው ባንክ ያለው ቼኩን ተቀብሎ ገንዘቡን እንዲያመጣለት ነው፤ ካላመጣለት ለምን ይከፍለዋል?

የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፦ ገንዘቡን ለማምጣት መሞከሩ ራሱ ሥራ ነው። አምጥቶ ቢሆን ኖሮ የአገልግሎት ክፍያ መውሰዱን አይቃወሙም ነበር።

የሴቶች ልብስ አቅራቢ፣ ኮምቦልቻ፦ እኔ በዚያኛው ወገን ስለነበርኩ ልናገር። ዕቃ በዱቤ ስወስድ ከሦስት ወር በኋላ የሚደርስ ቀን ጽፌ ለዋስትና ብቻ ቼክ ሰጠሁ፤ ስንጨዋወትም ቀኑ ሳይደርስ እንዳይቀርብ ተስማምተን ነበር። አቅራቢዬ ግን በአንድ ወሩ ወሰደው፤ ሂሳቤ ባዶ ስለነበር ቼኩ ተመለሰ፣ ቅጣትም ተቆረጠብኝ። ስልክ ደውዬ ገንዘብ እስካስገባ ታገሠኝ ብለውም በሳምንቱ ደግሞ አቀረበው፤ ሁለተኛ ቅጣት ተቆረጠ። ያ ገንዘብ ከዕዳዬ ላይ አንድ ሳንቲም አልቀነሰልኝም። እንደ አታላይ መቆጠሬ እስከ ዛሬ ያመኛል።

የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ፦ እኅቴ፣ የደረሰብዎት ነገር ያሳዝናል፤ ሆኖም በንግድ ሕጉ ቼክ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ወደፊት የሚደርስ ቀን ቢጻፍበትም ቀኑ ሳይደርስ የቀረበ ቼክ በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። የዋስትናው ስምምነት በእርስዎና በአቅራቢዎ መካከል በክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ባንኩን ግን አያስገድደውም።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ስለ አንቀጽ 693 የተናገሩት ትክክል ነው፤ ያልተናገሩት ግን የወንጀል ክሱ የሚቀርበው በዐቃቤ ሕግ መሆኑን፣ ፍርዱም ሰውየውን እንጂ ዕዳውን የሚመለከት አለመሆኑን ነው። በቸልተኝነት የወጣ ቼክ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው። አንዳንዱ ከታሰረ በኋላ ይከፍላል፤ ሌላው ደግሞ ሥራው ስለሚቆም የሚከፍልበትን ምንጭ ያጣል። ቼኩም ለፖሊስ በማስረጃነት ከተሰጠ በኋላ ለፍትሐ ብሔር ክስ ስለሚፈለግ፣ አስቀድመው የተረጋገጠ ግልባጭ ይያዙ።

ገንዘቡን የሚያስመልሰው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። በቼክ ላይ የተመሠረተ ክስ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 284 ጀምሮ ባለው አጭር ሥነ ሥርዓት ሊቀርብ ይችላል። በዚህ መንገድ ተከሳሹ እንደ ልማዱ መልስ ሰጥቶ ነገሩን አያራዝምም፤ መከራከሪያ ምክንያት እንዳለው በመሐላ ቃል አሳይቶ ፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ካልፈቀደለት ፍርዱ ይሰጣል።

የመመለሻ ክፍያዎን በተመለከተ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ከባንኩ ጋር ከመከራከር ከሰጪው ይጠይቁት። ዋናው ብር፣ ወለዱና ቼኩ በመመለሱ ያወጡት ወጪ አብረው ይጠየቃሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ስለሆነ፣ አራት ወር ቢዘገይ በ180,000 ብር ላይ 5,400 ብር ይጨምራል። ስለዚህ ባንኩ ምክንያቱን ጽፎ የሰጠዎትን ወረቀትና ክፍያው የተቆረጠበትን የሂሳብ መግለጫ አይጣሉ፤ ወረቀቱ ላይ «ፊርማ አይመሳሰልም» ወይም «ቁጥሩና ፊደሉ አይገጥምም» የሚል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ራሱ ሌላ መልክ ነበረው፣ ስንቅ ማነሱን አያሳይምና።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፦ ይህ ሁሉ ካለ ታዲያ ምን ያስቸኩላል?

የሕግ ባለሙያ፦ ጊዜው ነው። ቼኩ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ለክፍያ መቅረብ አለበት፤ ያ ጊዜ ካለቀ በኋላ ደግሞ በቼኩ መሠረት ክስ የሚመሠረተው በሌላ 6 ወር ውስጥ ብቻ ነው። ቀኑ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፉንም ልብ ብለው ይመልከቱ። ጊዜው ቢያልፍም በሽያጭ ውሉ መክሰስ ይቻላል፤ ግን ያኔ ብረቱን ማስረከብዎን በሰነድና በምስክር ማስረዳት አለብዎት።

ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦ እኔስ ቼክ ቢጠፋብኝ ወደ ማን እሄዳለሁ?

የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቼኩን የጻፈው ሰው ለባንኩ ወዲያው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያድርጉ። በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ስንቅ ሳይኖረው በተደጋጋሚ ቼክ የሚያወጣ ደንበኛ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ሂሳቡ ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ እንዳልገባ እያወቁ ደጋግሞ ማቅረብ ለሁለታችሁም ክፍያ ከማብዛት አልፎ፣ ሰጪው ሥራውን የሚሠራበትን ሂሳብ ሊያሳጣው ይችላል።

የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፦ ዛሬ ጠዋት ተቋራጩ ደውሎልኝ ነበር። ግማሹን፣ 90,000 ብር፣ ነገ በጥሬ ገንዘብ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ቼኩን መልስልኝና ለቀሪው ሌላ ቼክ እጽፋለሁ ይላል።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፦ ከምንም ይሻላል፣ ተቀበል። የባንኩን ክፍያ ጉዳይ ግን ዛሬም አላሳመናችሁኝም።

የሕግ ባለሙያ፦ ገንዘቡን ይቀበሉ፤ ቼኩን ግን አይመልሱ። ስለተቀበሉት 90,000 ብር በሌላ ወረቀት ደረሰኝ ይስጡ፤ በደረሰኙ ላይ የቼኩን ቁጥር፣ ቀሪውን ብርና የሚከፈልበትን ቀን ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙ። ቼኩ በእጅዎ የሚቆየው የመጨረሻው ብርና የተቆረጠብዎ ክፍያ እስኪገባልዎ ድረስ ነው።