የጀልባ ቅርፅ በ Loft ስሠራ ከፊት በኩል ይጎረብጥብኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም። ራይኖ ላይ 6 ሜትር የሚረዝም ጀልባ እየሳልኩ ነው። የግማሹን ጎን ብቻ ነው የምሠራው፣ ሌላውን በ Mirror አመጣዋለሁ። በየ1 ሜትሩ አንድ፣ በድምሩ 7 የወርድ ቁርጥ መስመሮች አሉኝ።

መጀመሪያ እንዳሉ Loft ሳደርጋቸው መስመሮቹን የሚያያይዘው ገጽ በጣም ተዘበራረቀ። ምክንያቱን አገኘሁት፦ አንዱ መስመር 5 መቆጣጠሪያ ነጥብ አለው፣ ሌላው 11፣ ፕሮግራሙም ሁሉንም ለማስማማት ብዙ ተጨማሪ መስመር ይፈጥራል። ስለዚህ ሁሉንም በ Rebuild ወደ 6 ነጥብና ዲግሪ 3 አመጣኋቸው። አቅጣጫቸውንም በ Dir አይቼ ሁሉም ከታች ወደ ላይ እንዲሄዱ አደረግኩ።

አሁን ከኋላ እስከ መሃል በጣም ያምራል። ችግሩ ከፊት ነው። በ5ኛውና በ6ኛው ቁርጥ መካከል Zebra ሳበራ ጥቁርና ነጩ ሰንበር ይወዛወዛል፣ በ CurvatureGraph ደግሞ የርዝመቱ መስመር ወደ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ይወጣል። ቁርጦቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ግን ምንም እንከን የላቸውም፣ ግራ ያጋባኝም ይሄው ነው።

የ Loft ስታይሉን ከ Normal ወደ Loose ስቀይረው ጉብታው ጠፋ፣ ግን ገጹ ቁርጦቹን አይነካም፤ ታችኛው ጎን ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይርቃል።

ምን ይሻለኛል? Loose ላይ ሆኜ ነጥቦቹን በእጅ ልግፋ፣ ወይስ አስቀድሜ የርዝመት መስመሮችን ስዬ 6ኛውን ቁርጥ በእነሱ ላስተካክል? ፊቱ ጫፍ ላይ ተጨማሪ ቁርጥ ማስገባትስ ይጠቅማል ወይስ ያባብሰዋል? የሠራችሁት ካላችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ንገሩኝ።